እስከ ጥር የምንሠራቸው የሳምንት ቪዲዮዎች

ልጆች፣ ከመጪው ሰኞ ጀምረን ቲክቶክ ላይ በሳምንት ሦስት አጫጭር ቪዲዮ እንለቃለን። አሁን ጾመ ነቢያት ነው፤ ሠርግ የለም፣ ሥራው ቀዝቅዟል። ጥር ሲገባ ግን ሙሽራና ሚዜ ይጎርፋል። ሙሽራ ደግሞ ፀጉር ሠሪዋን የምትመርጠው ቀደም ብላ ነው። እጃችንን ማየት ያለባት አሁን ነው።

የምንቀርጸው ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው፣ ደንበኛ ሳይበዛ። ሦስቱንም በአንዴ እንጨርሳለን። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሩት፤ መብራት ቢጠፋም የቀን ብርሃን ይበቃናል። ስልኩ በቁሙ ይያዝ። ሌንሱን መጥረግ አትርሱ፣ ቅባት በነካው ጣት ሁላችንም እንነካዋለን።

ማክሰኞ ማታ የአሠራር ቪዲዮ ነው። ከሁሉም በላይ የምጓጓለት ይሄ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አልባሶ እንሠራለን። ያለቀው ሹሩባ ለሁለት ሰከንድ ይታይ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ስልኩ ከእጄ አንድ ስንዝር ይራቅ። ባለ ጭራው ማበጠሪያ ከግንባር ተነስቶ እስከ ማጅራት መስመር ሲያወጣ ሳይቆረጥ ይታይ። ሰው የሠሪን ችሎታ የሚለየው በመስመሩ ነው። ቀጥሎ ሦስቱ ዘለላ ሲቀያየር፣ ከሥር ትንሽ ትንሽ ፀጉር እየተጨመረበት ሲወፍር። ከአርባ ሰከንድ አይብለጥ። ሙዚቃው ዝቅ ይበል፤ ምን እየሠራሁ እንደሆነ በድምፄ እናገራለሁ።

ሐሙስ ማታ የደንበኛ ፀጉር፣ በፊትና በኋላ። ለቅዳሜና እሁድ ቀጠሮ የሚያዘው ያኔ ነው፣ የፔዳ ተማሪዎችም ፀጉር መሠራት የሚያስቡት ያኔ ነው። ሳይፈቀድ ማንም አይቀረጽ። ፊቴ አይታይ ካለች ከኋላ ብቻ። ልጅ ከሆነች እናቷ ትጠየቅ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጥያቄ እንመልሳለን። የመጀመሪያው «ሹሩባ ግንባሬን በላው» የሚለው ነው። አጥብቆ መጎንጎን የግንባርን ፀጉር እንደሚያሳሳ፣ ሲደጋገምም ጭራሽ እንዳይበቅል እንደሚያደርግ በግልጽ እንናገር። ካመማት ወይም ቆዳዋ ላይ ትናንሽ እብጠት ከወጣ ጠብቋል ማለት ነው፤ ወዲያው ትንገረን፣ እናላላለን። ለአንዳንዶቹ ደስ ላይል ይችላል፣ ግን የሰው ፀጉር አደራ ነው።

በእያንዳንዱ ቪዲዮ ላይ «ባሕር ዳር» የሚል ጽሑፍ፣ የሰፈራችን ስምና ዋጋው ይኑር። ዋጋ ለጠየቀ «ኢንቦክስ» አትበሉ፣ እዚያው መልሱለት። ከሩቅ ከተማ ሺህ ሰው ከሚያየን፣ በባጃጅ የምትደርስ አንዲት ልጅ ብታየን ይሻላል። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ ስትመጣ የት እንዳየችን ጠይቁና በቀጠሮ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን አብረን እናያለን፤ ሰው ያላመጣውን ቀን እንቀይራለን።

ለሰኞ ረጅም ፀጉር ያላት ፈቃደኛ ልጅ ያስፈልገናል። የምታውቁ እስከ ዓርብ ንገሩኝ፣ ሹሩባው በነፃ ነው።