ለእትዬ ብርቄ፣ ስለላክሽልኝ ቅባት

ደሴ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣ እትዬ ብርቄ

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይነሳባታል እንጂ እሷም ደህና ናት። በዘነበች እጅ የላክሽው ሁሉ ደርሶናል። ጫማው ልክክ ብሎልኛል፤ ሽቶውን ከአሁኑ ጀምሬዋለሁ፣ ለሰርጉ የሚተርፍ አይመስለኝም። ብርድ ልብሱን እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

እንድቀላባቸው የላክሽልኝን ቅባቶች ግን አልቀባም። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ «እሺ እትዬ፣ አየዋለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ኮሌጅ ከፍለሽ ያስተማርሽኝን አንቺን እምቢ ማለት አፌ አልለመደውም። ስለዚህ ዘነበች ወደ ዱባይ ሳትመለስ ልጻፈው አልኩ።

ያስተማርሽኝ ፋርማሲ ነውና የመጀመሪያ ሥራዬ ጀርባውን ማንበብ ሆነ። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ይላል። ይህን እኛ መድኃኒት ቤት የምንሰጠው በሐኪም ማዘዣ፣ ለጠና የቆዳ ሕመም፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። ሁለቱ ነጫጭ ቆርቆሮዎች ደግሞ ምን እንደያዙ የሚናገር አንድ ፊደል የለባቸውም። እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ በተለያየ አገር ሜርኩሪ ተገኝቷል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ከእናት ወደ ፅንስም ያልፋል። አንቺ ደግሞ ገና ሳላገባ የልጄን ስም መርጠሻል!

በቅርቡ አንዲት ልጅ መስኮታችን ላይ መጥታ ያንኑ ቱቦ ጠየቀችኝ። ማዘዣ የላትም። ፊቷ ቀይ ነው፤ ግን ጉንጯ ላይ የደም ሥሮቿ እንደ ቀጭን ክር ይታያሉ፣ አገጯ ላይ ፀጉር አብቅላለች። ብር ስትቆጥር እጇን አየሁት፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ እንዳለ ጥቁር ነው። «ለምን አትተዪውም?» ስላት፣ «ሳቆም ያቃጥለኛል፣ ፊቴ ያብጣል» አለችኝ። አልሸጥኩላትም። ሌላ ቦታ እንደምታገኘው ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ያን ጊዜ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አምና ስትመጪ ቡና ልታፈዪ ከከሰሉ ፊት ተቀምጠሽ፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ነበር የምትቆዪው። እማዬ «ምነው ጭሱ በዛብሽ?» ስትልሽ «አይ፣ ሙቀቱ ነው» አልሽ። ያኔ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ገብቶኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ አሁንም ይቆጨኛል። እባክሽ አንቺም በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጪው፤ እዚያው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ቱቦውን አሳዪው፣ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስ ይነግርሻል።

ለክፋት እንዳልላክሽው አውቃለሁ። አማትሽ ገና በመልስሽ ቀን «ጥቁሯን አመጣብን» ብለው እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። እኔንም ያ እንዳይደርስብኝ ነው የፈራሽው። እኔም ብዙ ሰምቻለሁ። ሰፈር ውስጥ ሊያዝኑልኝ ሲፈልጉ «ጠይም ናት» ይሉኛል። ጠይም አይደለሁም እትዬ፣ ጥቁር ነኝ። ከአያቴ ጋር ቁርጥ አንድ ነኝ፤ የእሷን ፎቶ ደግሞ አንቺ ራስሽ አሳድገሽ ሳሎንሽ ሰቅለሻል።

«ልጁ ቀይ ነው፣ ቪዲዮው ላይ ታንሻለሽ» ያልሽው ግን አሳቀኝ። እሱ እኔን ሲያጭ ዓይኑ ጤነኛ ነበር። ቢሆንም እሱ ስለወደደኝ አይደለም የማልቀባው፤ ቢጠላውም አልቀባም ነበር። ለቪዲዮው አትስጊ፤ እዚህ ያሉ ፎቶ ቤቶች ማንንም ሳይጠይቁ ያነጣሉ። የጓደኛዬን የሰርግ አልበም ብታዪ ሙሽራዋን ከቬሎዋ መለየት ያቅትሻል። የእኔን እንዳይነኩት ከወዲሁ አስጠንቅቄያለሁ።

ቅባቶቹን ለማንም አልሰጠሁም። የአጎቴ ልጅ «ካልፈለግሽው ለእኔ» ብላ ስትለምነኝ ነበር፤ መድኃኒት ቤት ወስጄ ጊዜው ካለፈበት ጋር እንዲወገድ አስቀምጬዋለሁ። ገንዘብሽ በመባከኑ አዝናለሁ።

ሰርጉ ጥር 25 እሑድ ነው። እባክሽ ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን ቀድመሽ ነዪ። ጓሮ የወይባ ጉድጓድ እያስቆፈርን ነው፣ እንጨቱንም እማዬ ከገበያ አስመጥታለች። አያቴ አንቺን ወይባ እንዳስሞቀችሽ እኔንም አንቺ እንድታስሞቂኝ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ሰው እሳቱን አይችልበትም። አንቺ ከውጭ ሆነሽ ታዝዢናለሽ እንጂ ፊትሽን ወደ እሳቱ አናስጠጋውም። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ መሸፈኛ ስንፈልግ እማዬ «የብርቄን ብርድ ልብስ ለጢስ አልሰጥም» ብላ ቁልፉን ደብቃዋለች። መጥተሽ አስፈቅጂልኝ።

ልጅሽ
ሰላማዊት