ሙሉ ቀን ለሚሠራ ጀማሪ የተዘጋጀ የስድስት ወር የትሬዲንግ ትምህርት ዕቅድ

ይህ ዕቅድ የተዘጋጀው ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ለሚውልና ስለ ፋይናንስ ገበያ ምንም የቀደመ ዕውቀት ለሌለው ሰው ነው። የጥናቱ ጊዜ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ማታ 45 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሁለት ሰዓት ነው። ሰኞና ዓርብ ሆን ተብለው ነጻ ተትተዋል፤ ደክሞት የሚያጠና ሰው ቁጥር ላይ ይሳሳታል፣ በዚህ ሙያ ደግሞ የቁጥር ስሕተት ገንዘብ ያስከፍላል። እስከ አምስተኛው ወር መጨረሻ ድረስ እውነተኛ ገንዘብ ወደ ገበያ አይገባም።

በመጀመሪያው ወር የሚጠናው የገበያው አሠራር ነው። አክሲዮን፣ ቦንድ፣ የውጭ ምንዛሪና ሸቀጥ በምን እንደሚለያዩ፣ ብሮከር ምን እንደሚሠራና ገቢውን ከየት እንደሚያገኝ ይነበባል። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ማለትም ስፕሬድን፣ በሚገባ ይረዱ፤ ዋጋው ምንም ሳይንቀሳቀስ ገና እንደገቡ በኪሳራ የሚጀምሩት በእርሱ ምክንያት ነው። በወሩ መጨረሻ አንድ ገበያ ብቻ ይምረጡና ቀሪውን ጊዜ ከእርሱ ጋር ይቆዩ።

ሁለተኛው ወር ለትዕዛዝ ዓይነቶችና ለቻርት ነው። የማርኬት ትዕዛዝ ወዲያውኑ በተገኘው ዋጋ ይፈጸማል፤ የሊሚት ትዕዛዝ ከወሰኑት ዋጋ የከፋን አይቀበልም፣ ነገር ግን ላይፈጸም ይችላል። ስቶፕ ሎስ ዋጋው እርስዎ የወሰኑት ደረጃ ላይ ሲደርስ ከግብይቱ የሚያስወጣ ትዕዛዝ ሲሆን ኪሳራን ለመገደብ ይረዳል፤ ሆኖም ዋጋው ዘሎ ሲከፈት ካሰቡት በከፋ ዋጋ ሊፈጸም ይችላል። በቻርት ላይ የአንድን ጊዜ የዋጋ እንቅስቃሴ የሚወክለው ምልክት፣ ማለትም ካንድል፣ የመክፈቻ፣ የከፍተኛ፣ የዝቅተኛና የመዝጊያ ዋጋን እንደሚያሳይ ካወቁ በኋላ በዕለታዊ ቻርት ላይ ብቻ ይሥሩ። የአምስት ደቂቃ ቻርት ቀኑን ሙሉ ዓይን ይፈልጋል፤ ሥራ ያለው ሰው በስብሰባ መካከል ስልኩን ሰርቆ እያየ የሚወስነው ውሳኔ ለሥራውም ለገንዘቡም አይበጅም።

ሦስተኛው ወር የዕቅዱ ልብ ስለሆነ፣ ቢቻል ወደ አምስትና ስድስት ሳምንት ይራዘም እንጂ ፈጽሞ አይጠር። ካለው ገንዘብ 50 በመቶውን ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማትረፍ አለበት፤ 10 በመቶ ያጣ ግን ከ11 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ የአንድ ግብይት ኪሳራ ከጠቅላላው ገንዘብ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይወሰናል። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ አካውንቱ 1,000 ዶላር ከሆነ የሚፈቀደው ኪሳራ 10 ዶላር ነው፤ አንድን አክሲዮን በ50 ዶላር ገዝተው ስቶፕ ሎሱን 48 ላይ ካደረጉ፣ በአንዱ አክሲዮን የሚያጡት 2 ዶላር ስለሆነ የሚገዙት አምስት ብቻ ነው። ይህን ስሌት በልዩ ልዩ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ደጋግመው ይሥሩት።

ሌቨሬጅም፣ ማለትም ጥቂት ገንዘብ አስይዞ ከእርሱ በሚበልጥ መጠን መገበያየት፣ በዚሁ ወር ይጠናል። በ1 ለ 50 ሌቨሬጅ ዋጋው 2 በመቶ ብቻ በተቃራኒው ቢሄድ ያስያዙት ገንዘብ በሙሉ ይጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ለግለሰቦች በዋና ዋና ምንዛሪዎች ላይ ሌቨሬጁን በ1 ለ 30 ሲገድብ፣ ንብረቱን ሳይገዙ በዋጋው ለውጥ ላይ ብቻ በሚገበያዩበት ሲኤፍዲ በሚባለው ምርት ከተገበያዩ የግለሰብ አካውንቶች ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት እንደሚከስሩ ገልጾ ነበር።

በአራተኛው ወር መቼ እንደሚገቡ፣ የት እንደሚወጡና መቼ እንደማይገቡ የሚገልጽ የግብይት ደንብ በአንድ ገጽ ይጽፋሉ። ከዚያም ያለፈውን ቻርት አንድ አንድ ካንድል እየገለጡ በ40 አጋጣሚዎች ላይ ይፈትኑታል። ከአሥሩ አራቱን ብቻ ያሸነፈ ደንብ፣ ሲያሸንፍ የሚያገኘው ሲሸነፍ ከሚያጣው እጥፍ ከሆነ፣ ወጪ ሳይታሰብ ትርፋማ ነው፤ ስፕሬድና ኮሚሽን ሲቀነስ ግን ምን እንደሚተርፍ የግድ ይሰላል። በዚህ ወቅት በክፍያ የግዛና የሽጥ ምልክት የሚሰጡ ቡድኖችን አይቀላቀሉ። የሌላ ሰው ምልክት የራስዎን ደንብ ሊፈትንልዎ አይችልም።

አምስተኛው ወር በዴሞ አካውንት፣ ማለትም እውነተኛ ባልሆነ ገንዘብ በሚለማመዱበት አካውንት፣ የሚሠራ ነው። የዴሞው ገንዘብ ወደፊት በእውነት ሊያስገቡት ከሚችሉት ጋር እኩል ይሁን፤ በ100,000 የተለማመደ እጅ በ500 ላይ ይቸኩላል። ማታ ቻርቱን አይተው ትዕዛዙን ከስቶፕ ሎሱ ጋር ያስቀምጡ፣ በማግሥቱም እስከ ማታ አይክፈቱት። ለእያንዳንዱ ግብይት የገቡበትን ምክንያት፣ ዋጋውን፣ ውጤቱንና ደንቡን አክብረው እንደሆነ በማስታወሻ ይመዝግቡ።

በስድስተኛው ወር መጀመሪያ ማስታወሻው ይነበባል። ከአሥር ግብይት ቢያንስ በዘጠኙ ደንብዎን ካላከበሩ፣ ትርፍ ቢያገኙም እንኳ ዴሞው ለአንድ ወር ይቀጥላል። ካከበሩ፣ ብሮከሩ በሕጋዊ ተቆጣጣሪ መመዝገቡን በራሱ በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ ካረጋገጡ በኋላ፣ ቢጠፋ ኑሮዎን በማይነካ ገንዘብ ይጀምሩ፤ የተበደሩት ወይም ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ገንዘብ አይገባም። በዚያ ወር የአንድ ግብይት ኪሳራ ግማሽ በመቶ ይሁን፤ በወሩ ውስጥ ድምር ኪሳራው 4 በመቶ ከደረሰ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆማል፣ ቅዳሜዎቹም ማስታወሻውን ለመመርመር ይውላሉ።