የእረፍት ሰዓት ንግግር፦ ከ15 ዓመት በታች ቡድን፣ 2 ለ 0 እየተመራን

ቁጭ በሉ። መጀመሪያ ውሃ ጠጡ። ለአንድ ደቂቃ ማንም አያወራም፣ እኔም ጭምር።

(ከዝምታው በኋላ)

እሺ። 2 ለ 0 ነው፣ 35 ደቂቃ አለን። ሁለቱም ግቦች ከየት እንደመጡ አይቻለሁ፤ ሁለቱም የሚስተካከሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ከማዕዘን ምት ነው። ቅርቡ ቋሚ ጋ ማንም አልነበረም። እሱ የኔ ጥፋት ነው፤ ልምምድ ላይ ቦታውን ለማንም አልሰጠሁም። ስምንት ቁጥር፣ ከአሁን በኋላ እዚያ አንተ ነህ። ሰው አትከተል፣ ቦታህን አትልቀቅ። ኳሷ ከመጣች በግንባር አውጣት፣ በቃ።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አጋማሹን ሙሉ ያስቸገረን እሱ ነው። በረኛችን ኳስ ሲይዝ ሁለቱ አጥቂዎቻቸው ሁለቱን የመሐል ተከላካዮቻችንን ይዘጋሉ። እኛ ደግሞ በግድ በመሐል እናውጣ ስንል ተነጠቅን። አሁን ሁለታችሁ እስከ ሳጥኑ ጠርዝ ተራራቁ። ስድስት ቁጥር፣ አንተ በመሐላቸው ውረድ። እነሱ ሁለት፣ እናንተ ሦስት፤ አንዳችሁ ነጻ ትሆናላችሁ። ኳሷ ሳትደርስህ ግን አንዴ ዞር ብለህ ከኋላህ ማን እንዳለ እይ። ሁሉም ከተዘጋ በረጅሙ ወደ መስመር ምቱ። አያሳፍርም።

በረኛዬ፣ ቀና በል። ያቺን ፊት ለፊት የመጣችውን ባታድን ኖሮ አሁን 3 ለ 0 ነበርን።

አስራ አንድ ቁጥር፣ ያንተ ተከላካይ ቢጫ አይቷል። መስመሩ ላይ ተለጥፈህ ቁም፣ ኳስ ስትደርስህ ፊት ለፊት ግባበት። እንደ ልቡ ሊጠልፍህ አይችልም። ከተነጠቅክም ደግመህ ግባ፤ አልቆጣህም። ዘጠኝ፣ እኛ ኳስ በእጅ ስንወረውር ከተከላካዮቻቸው ጀርባ ሩጥ። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ለምትቀበላት ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ሦስቴ አጋጥሞን ሦስቴም ቆመህ ጠበቅክ።

ዳኛውን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ ነው። እርስ በርስ መጯጯህም ይብቃ፣ ከዳር ሆኜ እሰማችኋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ግብ አልጠይቃችሁም። ኳስ ሲነጠቅብን ቅርብ ያለው አንድ ሰው ይጫን፣ ሌሎቻችሁ ቦታችሁን ያዙ። አራት ሆናችሁ አንድ ኳስ ላይ አትሩጡ።

አሁን እናንተ ንገሩኝ። ስምንት፣ ማዕዘን ምት ላይ የት ነህ? (መልሱን ጠብቅ) ስድስት፣ በረኛው ኳስ ሲይዝስ? (መልሱን ጠብቅ) ዘጠኝ፣ የእጅ ውርወራ ላይ? (መልሱን ጠብቅ)

ጥሩ። የጫማ ማሰሪያችሁን እዩ። የመጀመሪያውን አጋማሽ እነሱ ስለጀመሩ አሁን ኳሷ የኛ ናት። እንውጣ።