ጥቃቱ ወይስ ከጥቃቱ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት? የሥራ ዝለት በሳይካትሪ ነርሶች ላይ

የአቀራረብ ዓይነት፦ የቃል ገለጻ
ዘርፍ፦ የአእምሮ ጤና ነርሲንግ

ዳራ

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው የሥራ ዝለትን (በርንአውትን) ያስቀመጠው በሕመምነት ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው። ይህ ልዩነት ለጥናታችን መነሻ ሆኗል። ችግሩ ከሥራው የሚመነጭ ከሆነ ነርሷን «ጠንካራ ሁኚ» ከማለት በፊት የሥራው አደረጃጀት መታየት አለበት። በሳይካትሪ ክፍሎች አካላዊ ጥቃት ከዝለት ጋር አብሮ እንደሚታይ ይታወቃል። ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት ተቋሙ የሚያደርገውና የማያደርገው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይለካም።

ዓላማ

በሳይካትሪ ነርሶች ላይ የሚታየውን የሥራ ዝለት መጠን መለካት፤ እንዲሁም በሥራ ክፍል፣ በአዳር ተረኝነት፣ በአካላዊ ጥቃትና ከጥቃት በኋላ በሚደረግ ውይይት መሠረት ያለውን ልዩነት መመርመር።

ዘዴ

ጥናቱ በሦስት የሳይካትሪ ሆስፒታሎች ለስምንት ሳምንታት የተካሄደ ክሮስ-ሴክሽናል ጥናት ነው። በቀጥታ ታካሚ የሚንከባከቡት ነርሶች 412 ናቸው። 50% ምጣኔ፣ 5% የስህተት ወሰንና የውስን ሕዝብ ማስተካከያ ተወስዶ፣ መልስ ለማይሰጡ 10% ሲጨመር የናሙናው መጠን 219 ሆነ። ተሳታፊዎቹ ከየሆስፒታሉ የነርስ ብዛት አንጻር በዕጣ ተመረጡ። ከስድስት ወር በታች ያገለገሉ አልተካተቱም።

ዝለቱ የተለካው በማስላክ መለኪያ የሰው አገልግሎት ቅጽ ነው፤ የአጠቃቀም ፈቃድም ተገኝቷል። 22ቱ ጥያቄዎች ከ0 እስከ 6 ይመዘናሉ። 9ኙ ስሜታዊ መሟጠጥን፣ 5ቱ ከታካሚ ስሜታዊ መራቅን፣ 8ቱ ደግሞ የሙያ ስኬት ስሜትን ይለካሉ። በቅደም ተከተል 27 እና ከዚያ በላይ፣ 10 እና ከዚያ በላይ፣ 33 እና ከዚያ በታች ውጤት ከፍተኛ ዝለትን እንዲያመለክት ተወስኗል። የ2016ቱ የመለኪያው መመሪያ እነዚህን የመቁረጫ ነጥቦች ትቷቸዋል፤ እኛ የተጠቀምንባቸው ከቀደሙ ጥናቶች ጋር ለማነጻጸር ብቻ ስለሆነ እንደ ምርመራ ውጤት መነበብ የለባቸውም። የድብርት ምልክት በPHQ-9 ተለክቷል (10 እና ከዚያ በላይ)።

ቅጹ በሁለት ሰዎች ተተርጉሞ በሌሎች ሁለት ወደ መነሻ ቋንቋው ተመለሰ፤ ከዚያ ከ12 ነርሶች ጋር እያንዳንዱ ጥያቄ እየተነበበ ምን እንደተረዱ ተጠየቁ። ያስቸገረን ስሜታዊ መራቅን የሚለካው ክፍል ነው። ታካሚን እንደ ዕቃ ስለማየት የሚጠይቀው ሐሳብ በመጀመሪያው ትርጉም ክስ መሰለባቸው። ከ12ቱ 8ቱ «ይህማ ጥፋት ማመን ነው» ብለው 0 ሞሉ። ሐሳቡ ሳይለወጥ አነጋገሩ ከተለዘበ በኋላ መልሶቹ ተሰራጩ።

«ከጥቃት በኋላ ውይይት ተደርጓል» ለማለት አራት መስፈርቶች መሟላት ነበረባቸው፦ በ72 ሰዓት ውስጥ መካሄዱ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ መውሰዱ፣ ነርሷ በዚያ ሰዓት ከታካሚ ኃላፊነት ነፃ መሆኗ፣ አወያዩም የሥራ አፈጻጸሟን የማይሞላ ሰው መሆኑ። የክስተት ቅጽ መሙላት ብቻውን አልተቆጠረም። በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ የተጠቁ ስለ ከባዱ ጥቃት ተጠይቀዋል።

በአንድ ክፍል በመጀመሪያው ቀን 9 ቅጾችን የሰበሰበው የክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ በዘጠኙም የስሜታዊ መራቅ ውጤት ከ3 አልበለጠም። ቅጾቹ ተሰርዘው እንደገና ተሞሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም በታሸገ ሳጥን ተሰብስቧል። ትንተናው በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሲሆን ለዕድሜ፣ ለጾታ፣ ለአገልግሎት ዘመን፣ ለሥራ ክፍልና ለአዳር ብዛት ተስተካክሏል።

ውጤት

የ196 ነርሶች መልስ ተተንትኗል (89.5%)፤ 108ቱ ሴቶች ናቸው። የውስጥ ወጥነቱ (አልፋ) ለስሜታዊ መሟጠጥ 0.89፣ ለሙያ ስኬት 0.76፣ ለስሜታዊ መራቅ 0.66 ነው። የመጨረሻው ዝቅተኛ ስለሆነ ዋናው ትንተና በስሜታዊ መሟጠጥ ላይ ብቻ ተመሥርቷል።

ከፍተኛ ስሜታዊ መሟጠጥ በ92 (46.9%)፣ ከፍተኛ ስሜታዊ መራቅ በ67 (34.2%)፣ ዝቅተኛ የሙያ ስኬት ስሜት በ71 (36.2%) ታይቷል። ሦስቱም የተደራረቡባቸው 29 (14.8%) ናቸው። በሥራ ክፍል ሲታይ መሟጠጡ በአጣዳፊ ሕሙማን ክፍል 52 ከ88 (59.1%)፣ በተሃድሶ 25 ከ61 (41.0%)፣ በተመላላሽ 15 ከ47 (31.9%) ነው። አጣዳፊው ከተመላላሹ ሲነጻጸር የተስተካከለው ኦድስ ሬሾ 2.4 ነው (95% የመተማመኛ ክልል 1.1–5.3)። በወር 8 እና ከዚያ በላይ አዳር መሥራት የነበረው ግንኙነት አልጸናም (1.8፤ 0.97–3.3)።

በ12 ወር ውስጥ 118 ነርሶች (60.2%) ተጠቅተዋል። ከፍተኛ መሟጠጥ ካልተጠቁት 27 ከ78 (34.6%)፣ ተጠቅተው ውይይት ከተደረገላቸው 17 ከ41 (41.5%)፣ ተጠቅተው ካልተደረገላቸው ደግሞ 48 ከ77 (62.3%) ላይ ተገኝቷል። ካልተጠቁት ጋር ሲነጻጸሩ ውይይት ያላገኙት ኦድስ ሬሾ 2.7 (1.3–5.5)፣ ያገኙት 1.2 (0.5–2.7) ነው።

ውይይቱ ለማን እንደሚደርስ ሲታይ ምክንያቱ የፈረቃ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ቀን ከተጠቁት 69 ነርሶች 32ቱ (46.4%)፣ ሌሊት ከተጠቁት 49 ግን 9ኙ ብቻ (18.4%) ውይይት አግኝተዋል። የክስተት ግምገማ የሚደረገው ከጠዋቱ ርክክብ በኋላ ነው፤ አዳሪዋ ነርስ በዚያ ሰዓት ወደ ቤቷ ሄዳለች። በክፍት ጥያቄዎቹ ላይ ተደጋግሞ የተጻፈው ሌላው ነገር፣ ታካሚን በኃይል በመቆጣጠር የተሳተፈችው ነርስ ራሷ ብዙም ሳትቆይ ለዚያው ታካሚ መድኃኒት እንድትሰጥ መደረጉ ነው።

PHQ-9 10 እና ከዚያ በላይ የሆነባቸው 49 (25.0%) ናቸው። መሟጠጥ ካለባቸው 92 ነርሶች 54ቱ ግን ከዚህ በታች ናቸው። ስለዚህ የድብርት መጠይቅ ብቻ እየሞሉ ዝለትን መከታተል ከግማሽ በላዩን ያሳልፋል።

ውስንነት

ጥናቱ በአንድ ወቅት የተወሰደ ስለሆነ መንስኤና ውጤትን አይለይም፤ የዛለች ነርስ የተደረገላትን ውይይት ላታስታውስ ወይም ከቁም ነገር ላትቆጥር ትችላለች። በሕመም ፈቃድ ላይ ያሉና ሥራ የለቀቁ ስላልተካተቱ እውነተኛው መጠን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

መደምደሚያ

ከስሜታዊ መሟጠጥ ጋር በግልጽ የተያያዘው ጥቃትን ያለ ክትትል ማሳለፍ ነው። ይህ ግን ነርሷን ስሜቷን በዝርዝር እንድትተርክ የሚያስገድድ የአንድ ጊዜ የሥነ ልቦና ውይይት ይደረግ ማለት አይደለም፤ የዚያ ዓይነቱ አሠራር ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ጭንቀትን እንደሚከላከል ማስረጃ ስለሌለ አይመከርም። የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው፦ ሌሊት የተጠቃች ነርስ በቀጣዩ ተረኝነቷ መጀመሪያ ላይ ተተኪ ተመድቦላት 15 ደቂቃ ታግኝ፤ በዚያው ፈረቃ ለዚያው ታካሚ መድኃኒት የሚሰጠው ሌላ ነርስ ይሁን፤ የክስተት ቅጹም «ውይይቱ መቼ፣ ከማን ጋር ተደረገ» የሚል መስመር ይኑረው። ውጤታማነታቸው ክፍሎችን በዕጣ መድቦ ከመሟጠጥ በተጨማሪ የሕመም ፈቃድ ቀናትንና የሥራ መልቀቅን በሚቆጥር ጥናት መፈተሽ አለበት።

ቁልፍ ቃላት፦ የሥራ ዝለት፣ ሳይካትሪ ነርስ፣ ስሜታዊ መሟጠጥ፣ በሥራ ቦታ የሚደርስ ጥቃት፣ አዳር ተረኝነት