በደረሰኝ ቁጥር 0417 ስላስረከብኩት የሙሽራ ቀሚስና በላዩ ስላለው አሮጌ እድፍ

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለላውንደሪው ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 20 ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለልብስ ተቀባይዋ ሠራተኛችሁ አስረክቤ በደረሰኝ ቁጥር 0417 ተመዝግቦልኛል። በደረሰኙ ላይ የሰፈረው «የሐበሻ ቀሚስ፣ እድፍ ያለው፣ ድራይ ክሊን» የሚል ብቻ ነው። ከኋላዬ ወረፋ ስለነበረ ስለ እድፉ ማስረዳት የሚገባኝን ሳላስረዳ ወጥቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለዚህ ይህን መልእክት አንብባችሁ መልስ እስክትሰጡኝ ድረስ ቀሚሱን ውሃም ሆነ ሌላ ፈሳሽ እንዳይነካው፣ በካውያም እንዳይተኮስ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ቀሚሱ በጥር 1989 ዓ.ም. በሠርጌ ማግስት በተደረገው የመልስ ዝግጅት ላይ የለበስኩት ነው። ጨርቁ በሽሮ ሜዳ የተሸመነ የእጅ ሥራ ሸማ ሲሆን ማጉ በእናቴ እጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ እግሩ ድረስ የሚወርደው የመስቀል ጥልፍና የታችኛው ጥለት በወይን ጠጅ ቀለም ክርና በወርቅማ ክር የተሠሩ ናቸው፤ ከደረቱ በኩል ደግሞ ጥልፉን ለመደገፍ ከውስጥ ነጭ ገበር ተሰፍቶበታል። አሁን ልጄ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በሚደረገው የራሷ መልስ ላይ ይህንኑ ቀሚስ ለመልበስ ወስናለች። አዲስ እንድናሠራላት ብንለምናትም አሻፈረኝ ብላለች።

ዋናው እድፍ ከደረቱ በስተቀኝ፣ ከመስቀሉ ጥልፍ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ የሚገኘው፣ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ነው። የዶሮ ወጥ ነው። ሚዜው ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ ከጉርሻው የተንጠባጠበው ቅቤና ቁሌት ደረቴ ላይ አረፈ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወግ ሳይሆን እድፉ የአንድ ነገር እድፍ አለመሆኑን እንድትገነዘቡልኝ ነው። በውስጡ ሥጋና ሽንኩርት የተቀቀለበት መረቅ አለ፤ በስብ ውስጥ የሚሟሟው የበርበሬ ቀይ ቀለም አለ፤ ቅቤው ሲነጠር እርድ ተጨምሮበት ስለነበር ጥጥን በቀጥታ የሚያቀልመው የእርድ ቢጫም አለ። እነዚህ በአንድ ዓይነት ፈሳሽ የሚለቁ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የተደረገውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። እንደተነካ አክስቴ ጨው ነሰነሱበት፣ ሎሚም ጨመቁበት። በሠርጓ ማግስት ሙሽራ አክስቷን «ይተዉ» ማለት አይሆንላትም። ሎሚው ወደ ጥልፉ በመድረሱ ሦስት ጣት የሚያህል ወርቅማ ክር በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቆረ፤ አሁንም እንደ ጠቆረ ነው። በማግስቱ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ታጠበ። ሳሙናው ሲነካው ቢጫው ጠርዝ ወደ ቀይ ቡኒ ተለወጠ፤ በብዙ ውሃ ሲለቀለቅ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ለ26 ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር እርድን የአሲድና የቤዝ መለያ አድርጌ ለተማሪዎቼ ያሳየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ለውጡ እድፉ ውስጥ እርድ መኖሩን እንደሚያሳይ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በመጨረሻም፣ እጅግ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው፣ እድፉ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቀሚሱ በጋለ ካውያ ተተኮሰ። የተተኮሰው በራሴ እጅ ነው። የቀረው የመረቁ እድፍ ያን ጊዜ በሙቀቱ ጨርቁ ላይ እንደደረቀ፣ ስቡም ለ29 ዓመታት አየር እያገኘው እንደ ሙጫ እንደጠነከረ እገምታለሁ።

በአሁኑ ጊዜ እድፉ መሐሉ ፈዛዛ ቡኒ፣ ዙሪያው ጠቆር ያለ ቢጫ ነው። በጣት ሲዳሰስ ከቀረው ጨርቅ ትንሽ ይደርቃል፤ ወደ ገበሩም አልፏል። በረኪና ፈጽሞ አልነካውም፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ሌሎች ሁለት ትንንሽ ምልክቶችም አሉ። በጉልበቱ አካባቢ ያሉት አምስት ወይም ስድስት ቢጫ ነጠብጣቦች በዕለቱ አልነበሩም፤ ከዓመታት በኋላ ከሻንጣ ሲወጣ ነው ያየናቸው። ጠጅ ይመስሉኛል፤ የማር ስኳር ሲፈስ ሳይታይ ቆይቶ በጊዜ ብዛት ቢጫ ስለሚሆን ነው። በግራ ትከሻ ላይ ያለችው የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ደግሞ የመርፌ ቁልፍ ዝገት ናት። ዝገቷን ተዉአት። የዝገት ማስለቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ አሲድ በመሆኑና አሲድ ወርቅማውን ክር ምን እንደሚያደርገው ከሎሚው ስላየሁ፣ ለዚያች ነጥብ ብዬ ጥልፉን አደጋ ላይ አልጥልም። በሻንጣ ውስጥ ከናፍታሊን ጋር ስለተቀመጠ ሽታም አለው፤ እሱን ግን አየርና ጥላ ያስለቅቁታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ድራይ ክሊን ስቡን ሊያላቅቅ እንደሚችል እቀበላለሁ፤ ለመረቁ፣ ለእርዱና ለጠጁ ስኳር ግን በቂ የሚሆን አይመስለኝም። እንዲያውም ከድራይ ክሊን በኋላ በእንፋሎት ሲተኮስ የቀረው ሁሉ እንደገና እንዳይጣበቅ እሰጋለሁ። ስለዚህ ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደምትሠሩት እንድትገልጹልኝ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ በስብ ማሟሚያ እድፉን ለብቻው ትነካካላችሁ ወይስ ቀሚሱን በሙሉ ማሽን ውስጥ ታስገባላችሁ? ማሽን ውስጥ የሚገባ ከሆነ በእጅ የተፈተለው ማግ መሳሳቱን፣ በተለይ በብብቱ አካባቢ ጨርቁ ወደ ብርሃን ሲያዝ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኔ በእጅ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ይህ ተጨማሪ ዋጋ የሚያስከፍል ከሆነም እከፍላለሁ።

ከስቡ ቀጥሎ ለመረቁ የምትጠቀሙበት ፈሳሽ ምን ዓይነት እንደሆነና ለብ ባለ ወይስ በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚሠራ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እርዱ በሳሙና ስለሚቀላ ኃይለኛ የዱቄት ሳሙና አይሁን። ለቀሪው ቢጫ ማንጫ የግድ ካስፈለገ የኦክስጅን ማንጫ፣ ይኸውም በጣም የቀጠነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ እድፉ ላይ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ተሞክሮ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢታጠብ አልቃወምም። በረኪና ግን በምንም መንገድ፣ በትንሽ መጠንም ቢሆን፣ እንዳይነካው። ያረጀ ጥጥን ያዳክማል፣ ወርቅማውን ክር ያበላሻል፣ ለዝገቷም ቢሆን የባሰ እንጂ የሚሻል ነገር አያመጣም።

ማንኛውም ፈሳሽ ጨርቁን ከመንካቱ በፊት ጥልፉ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን በታችኛው እጥፋት ውስጠኛ በኩል እንድትሞክሩልኝ አደራ እላለሁ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖበት ወይን ጠጅ ቀለም ከወጣ፣ ሥራው ሳይጀመር ደውሉልኝ። አንድ ጊዜ ቀይ ክር ነጭ ሸማ ላይ ከለቀቀ፣ የዶሮ ወጡ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ምንም አይደለም። ገበሩ በመንገዳችሁ ላይ እንቅፋት ከሆነ ስፌቱን እኔ ራሴ መጥቼ ልፈታው እችላለሁ፤ ሲያልቅም መልሼ እሰፋዋለሁ።

እድፉ መልቀቁ በተፈጥሮ ብርሃን ታይቶ ሳይረጋገጥ ካውያም ሆነ እንፋሎት እንዳይነካው፣ በጥላ ተዘርግቶ እንዲደርቅ፣ መተኮሱም በመጨረሻ ከውስጥ በኩል፣ በላዩ ነጭ ጨርቅ ተደርጎበት እንዲሆን እለምናለሁ። ሙቀትን በተመለከተ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ።

በደረሰኛችሁ ጀርባ «ለቆዩ እድፎች ኃላፊነት አንወስድም» የሚል አንቀጽ አንብቤአለሁ፤ እስማማበታለሁ። እድፉ ሙሉ በሙሉ ባይለቅ፣ ደብዝዞ ቢቀር፣ ወይም ጨርሶ እንቢ ቢል ቅር አልሰኝም፣ የሥራችሁንም ዋጋ ሳላጎድል እከፍላለሁ። ነጠላው በቀኝ ትከሻ በኩል ሲጣል ያንን ቦታ ይሸፍነዋል፤ ልጄም ይህን ታውቃለች። ጨርቁ ቢሳሳ፣ ቢቀደድ ወይም የጥልፉ ቀለም ቢለቅ ግን ነጠላ የሚሸፍነው ጉዳት አይሆንም፤ የዚህ ዓይነት ጉዳት ከአንቀጹ ውጭ እንደሆነ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። በሥራው መሐል «ትንሽ ብንገፋበት ይለቃል፣ ግን ጨርቁን እንፈራለን» የምትሉበት ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ እዚያው ላይ ቁሙ። የእኔን ውሳኔ መጠበቅም አያስፈልግም፤ መልሴ ከአሁኑ «ይቅር» ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በፊት በእጅ ሸማ ላይ የሠራ ባለሙያ ካላችሁ ከእሱ ጋር በአካል መነጋገር እፈልጋለሁ። ሐሙስም ሆነ ዓርብ ከሰዓት በፊት መምጣት እችላለሁ። ለዚህ ዓይነቱ እድፍ የሚሆን ባለሙያ ወይም ፈሳሽ ከሌላችሁም በግልጽ ንገሩኝና ቀሚሱን እንዳለ ልውሰደው፤ አልቀየማችሁም፣ የመረከቢያውንም ክፍያ መልሱልኝ አልልም።

ልኬቱ እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ መታየት ስላለበትና ልጄ ከእኔ ይልቅ ቀጠን ስለምትል ወገቡ መጥበብ ስላለበት፣ ቀሚሱ ቢዘገይ ታኅሣሥ 20 ቀን እጄ ቢገባ መልካም ነው። መቸኮል ሥራውን የሚያበላሽ ከሆነ ግን ቀኑን ንገሩኝ፤ ልብስ ሰፊዋን እኔ አነጋግራታለሁ። የእድፉን፣ የጠቆረውን ክርና የሳሳውን ብብት የሚያሳዩ አራት ፎቶግራፎች በቀን ብርሃን አንስቼ ከዚህ መልእክት ጋር ልኬአለሁ፤ በእናንተም በኩል ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ፎቶግራፍ እንዲነሳና ከደረሰኙ ጋር እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ።

መልሳችሁንና ዋጋውን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አልማዝ፣ የደረሰኝ ቁጥር 0417