ቡኪንግዎ ተረጋግጧል፦ ለጥምቀት ሁለት ክፍል፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልን፣ ውድ እንግዳችን።

ሁለቱንም ክፍል ይዘንልዎታል። ቅዳሜ ጥር 9 ይገባሉ፣ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 ይወጣሉ። ሦስት ሌሊት ነው። በቴሌብር የላኩት 10,200 ብር ደርሶናል።

አሁን እባክዎ ይቺን ቀስ ብለው ያንብቧት። የሁለቱ ክፍሎች ደንብ አንድ አይደለም።

የእርስዎ ክፍል (ፎቅ ላይ፣ ሐይቁን የሚያየው) የተያዘው በቅናሽ ዋጋ ነው። በሌሊት 3,000 የነበረው በ2,400 ብር ሆኖ 7,200 ብር ከፍለዋል። ይህ ገንዘብ አይመለስም። ዛሬ ቢሰርዙም፣ በረራ ቢቀርም፣ ቢታመሙም አይመለስም። ቃሉ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን ኋላ ከምንከራከር አሁን ቢያውቁት ይሻላል። ቅናሹን የሰጠነው ክፍሉ በእርግጠኝነት ስለተያዘ ነው። በጥምቀት ሰሞን አልጋ የሚጠይቀንን ሰው ሁሉ «ሞልቷል» ብለን እንመልሳለን። ቀኑን መቀየር አይቻልም። እርስዎ ካልተመቸዎት ግን ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ በቦታዎ መምጣት ይችላል። ስሙን ብቻ ቀድመው ይላኩልን።

ሐሳብዎን ከቀየሩ እስከ ነገ ማክሰኞ ታኅሣሥ 21 ማታ 12 ሰዓት ድረስ 1,800 ብር ጨምረው ወደ መደበኛው ዋጋ ማዞር ይችላሉ። ያኔ ደንቡ እንደ ወላጆችዎ ክፍል ይሆናል።

የወላጆችዎ ክፍል (ምድር ቤት) በመደበኛ ዋጋ ነው፤ ጠቅላላው 9,000 ብር። የአንድ ሌሊት ቀብድ 3,000 ከፍለዋል፣ ቀሪውን 6,000 ሲገቡ ይከፍላሉ። እስከ ረቡዕ ጥር 6 ማታ 12 ሰዓት ከሰረዙ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በላኩበት ቴሌብር ይገባልዎታል። ከዚያ ሰዓት በኋላ ከሰረዙ ወይም ሳይመጡ ከቀሩ ቀብዱ ይቀራል፤ ቀሪውን 6,000 ግን አንጠይቅም።

ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስልክዎ በፈረንጆቹ ከሆነ 18:00 ይላል፣ ቀኑም ጃንዋሪ 14 ነው። ይህን በደንብ የምንጽፈው፣ አንድ ከውጭ የመጡ እንግዳችን 12 ሰዓት ሲባል እኩለ ሌሊት መስሏቸው ቀብዳቸው ስለቀረ ነው። እኛም በጣም አዝነን ነበር።

ለመሰረዝ እዚሁ መልእክት ላይ «ይሰረዝ» ብለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይጻፉ። የምንቆጥረው የላኩበትን ሰዓት ነው፤ እኛ ዘግይተን ብናየው እርስዎ አይጎዱም። በእኛ ችግር ክፍሉን መስጠት ካቃተን፣ የቅናሹም ቢሆን የከፈሉት ሙሉ ገንዘብ ይመለሳል።

የዘጌው ጀልባ ለብቻው ነው። ቀብድ የለውም፤ ከጉዞው ዋዜማ ማታ በፊት ከነገሩን ይበቃል።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ክፍሎቹ ዝግጁ ናቸው። አባትዎ ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል ስላሉን፣ ከበሩ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ይዘንላቸዋል።

ከእንግዳ መቀበያ፣ ባሕር ዳር
ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018