የቆርቆሮው ቁጥር ከየት እንደመጣ

ደሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘይነባ
አዲስ አበባ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትዎም ደህና ናቸው፤ ትናንት ሆጤ ግቢያቸው ገብቼ ቡና አጠጥተው ነው የሸኙኝ። ግድግዳው አልቋል። ከላይ የሚያስረው ቢምም ተሞልቶ ደርቋል። የጣሪያው እንጨት ግቢ ውስጥ ተከምሯል። የቀረን ክዳኑ ነው።

በስልክ ያሉኝን አልረሳሁም። «ቤቱ 70 ካሬ ነው፤ አንዱ ቆርቆሮ 1.8 ካሬ ነው፤ 39 ቆርቆሮ ይበቃል። አንተ 79 የጻፍከው ከየት አምጥተህ ነው?» አሉኝ። የወንድምዎ ልጅ እንዳሰላልዎትም ነገሩኝ። ልጁ አላጠፋም። 70 ለ1.8 ሲካፈል 39 ነው የሚመጣው። ግን ያሰላው ወለሉን ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ወለል ላይ አይነጠፍም። በስልክ ላስረዳ ስል መስመሩ እየተቆራረጠ ስለተናደድን፣ ቁጭ ብዬ ብጽፍልዎት ይሻላል አልኩ።

መጀመሪያ ክፈፉን እንይ። ቤቱ በውጪ በኩል 10 ሜትር በ7 ሜትር ነው። ጣሪያው ግን ግድግዳው ላይ አያበቃም። ውሃ በሚወርድበት በሁለቱም ወገን 60 ሳንቲም ይወጣል፤ አለበለዚያ የክረምቱ ዝናብ ግድግዳውን ይበላዋል። በሁለቱ የጎን ጫፎች ደግሞ 50 ሳንቲም አድርጌው ነበር። ስለዚህ 7ቱ ሜትር 8.20 ሆነ፣ 10ሩ ደግሞ 11። 70 ካሬ የነበረው ገና ተዳፋቱን ሳናስብ 90.2 ካሬ ደረሰ።

ቀጥሎ ተዳፋቱ። ጣሪያው ከመሐል ወደ ሁለት ወገን ያፈሳል። ከመሐሉ እስከ ክፈፉ ጫፍ ያለው አግድም ርቀት የ8.20 ግማሽ ነው፤ 4.10 ሜትር። ተዳፋቱን በየ1 ሜትሩ 40 ሳንቲም እንዲነሳ ነው ያሰብኩት። ስለዚህ አናቱ ከክፈፉ ጫፍ በ4.10 ጊዜ 0.40፣ ማለትም በ1.64 ሜትር ከፍ ይላል። ቆርቆሮው የሚተኛው በአግድሙም በቋሚውም ላይ አይደለም፤ በሰያፉ ላይ ነው። የሰያፉ ርዝመት እንዲህ ይወጣል፦

4.10 × 4.10 = 16.81
1.64 × 1.64 = 2.69
ድምሩ 19.50፣ ስኩዌር ሩቱ 4.42 ሜትር

ይህን የወንድምዎ ልጅ በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ያሳዩት፣ ወዲያው ይገባዋል። እኔ ከአንድ ሽማግሌ አናጺ ነው የተማርኩት፤ እሳቸው በሲባጎ ነበር የሚለኩት፣ መልሱ ግን ያው ነው።

ውሃው አሸንዳው ውስጥ በደንብ እንዲገባ ቆርቆሮው 6 ሳንቲም ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ረድፍ ከአናት እስከ አሸንዳ 4.48 ሜትር ይሸፍናል።

ዋናው ነገር አሁን ነው የሚመጣው፤ እዚህ ላይ ይታገሱኝ። ቆርቆሮ በካሬ አይቆጠርም፣ በረድፍ ነው የሚቆጠረው። የገበያው ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሳንቲም ነው። ከጎን አንዱ በሌላው ላይ አንድ ቦይ ተኩል ይደረባል። ሱቅ ሄጄ ሁለቱን ደርቤ በሜትር ለክቼዋለሁ፤ አዲስ የሚሸፍነው 77 ሳንቲም ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች ደግሞ 15 ሳንቲም ይደረባል። የመጀመሪያው 2 ሜትር ይሸፍናል፣ ሁለተኛው 1.85፤ ድምሩ 3.85። ለ4.48 የጎደለው 63 ሳንቲም ነው። መደረቢያውን 15 ስንጨምር 78 ሳንቲም ቁራጭ እንፈልጋለን። ከአንድ ቆርቆሮ እንዲህ ያለ ሁለት ቁራጭ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ሁለት ተኩል ቆርቆሮ ይበላል ማለት ነው።

ስንት ረድፍ? 11 ሜትር ለ0.77 ሲካፈል 14.3 ይመጣል። ግማሽ ረድፍ ስለማይመታ 15 አልኩ። 15 ረድፍ በአንድ ወገን፣ በሁለቱም 30። በሁለት ተኩል ሲባዛ 75። ለሚበላሽና ለሚጎብጥ 4 ጨመርኩ። 79 ከዚህ ነው የመጣው።

አሁን እውነቱን ልንገርዎት። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ነው ስህተቴ የታየኝ። 14 ረድፍ በትክክል 10.91 ሜትር ይሸፍናል፤ የመጨረሻው ቆርቆሮ ከጎኑ የሚደርብበት ስለሌለ ሙሉ 90 ሳንቲሙን ይሰጣል። ለ11 ሜትር የጎደለው 9 ሳንቲም ብቻ ነው! ለ9 ሳንቲም ብዬ በሁለቱ ወገን 5 ቆርቆሮ ላስገዛዎት ነበር። የጎን ጫፎቹን ክፈፍ ከ50 ወደ 45 ብናወርደው ርዝመቱ 10.90 ይሆናል፣ 14 ረድፍ ይበቃል። ማንም አያየውም፣ ግድግዳውም አይጎዳም። ስለዚህ 70፣ ከመጠባበቂያው ጋር 74 ቆርቆሮ ይግዙ። ነገሩን ባይጠይቁኝ ኖሮ አላስተውለውም ነበር።

«ተዳፋቱን ቀንሰው» ላሉት ግን እሺ አልልም። አሰላሁት። በየሜትሩ 25 ሳንቲም እንዲነሳ ብናደርግ ረድፉ 4.29 ይሆናል፤ ከአንድ ቆርቆሮ ሦስት ቁራጭ እየወጣ በድምሩ 66 የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ጣሪያ ሲተኛ ውሃው ቀስ ይላል፣ ነፋስ ደግሞ በመደረቢያው ስር ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ መደረቢያው 20 ሳንቲም መሆን አለበት። ያኔ ቁራጩ 69 ሳንቲም ይሆናል፤ ሦስቱ 2.07 ሜትር ይፈልጋሉ፣ ቆርቆሮው ግን 2 ሜትር ነው። በ7 ሳንቲም ምክንያት ተመልሰን 70 ላይ ነን። ምንም ሳናተርፍ የሚያፈስ ጣሪያ። ከጦሳ የሚወርደውን የሐምሌ ዝናብና በረዶ እርስዎም ያውቁታል፣ እዚሁ አይደል ያደጉት።

አንድ ነገር አደራ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ሳሳ ያለ ቆርቆሮ እንዳይመርጡ። የጌጁ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ከ28 ይሳሳል። ሻጭ «ይኼ ትልቁ ቁጥር ነው» ቢልዎት አይሸወዱ። እኔ የጻፍኩት 28 ነው። በኢጋ ቆርቆሮ ይሁን ካሉ ወርዱ ስለሚለያይ እንደገና አሰላለሁ። ለአናቱ ሪጅ ካፕ 2 ሜትሩን 6 እንፈልጋለን። ምስማሩን ከነጎማው እኔ አመጣለሁ።

ከተስማሙ እስከ ቅዳሜ ይደውሉልኝ። ሰኞ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ዋጋው ከደሴው ካነሰ ከዚያው ጭኜ በሐረጎ አመጣዋለሁ፣ የመኪናው ኪራይ ትርፉን የሚበላው ከሆነ ግን እዚሁ ፒያሳ እገዛለሁ። ሁለቱንም ዋጋ እነግርዎታለሁ። የበልግ ዝናብ ሳይቀድመን ብንከድነው ደስ ይለኛል።

ከተቆረጡት 14 ቆርቆሮዎች ከእያንዳንዱ 44 ሳንቲም ይተርፋል። እናትዎ ለዶሮ ቤት ይሁንልኝ ብለዋል። እኔ እሺ ብያለሁ፤ እርስዎም እንደማይከለክሏቸው አውቃለሁ።

ሰላምታዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ይድረስ።

አክባሪዎ
ሰይድ፣ ግንበኛው